ላፕቶፑ ያወቀውን ቁልፍ ስልኩ «አላውቀውም» ሲል

የአክስቴ ልጅ ለፋሲካ ከሲልቨር ስፕሪንግ ስትመጣ ለታናሽ ወንድሟ አንድ ሴኩሪቲ ኪይ ይዛለት መጣች። ወደ አካውንት ስትገቡ ባለቤቱ እናንተ መሆናችሁን የሚያረጋግጥ፣ ከፍላሽ ያነሰ፣ ከቤት ቁልፍ ጋር የሚንጠለጠል፣ መሃሉ ላይ ወርቃማ ክብ ያለው ዕቃ ነው። ልጁ ኦንላይን ጫማ ይሸጣል። ሥራው ሁሉ የተንጠለጠለው በአንድ ኢሜይል ላይ ነው። ጓደኛው በኤስኤምኤስ የመጣለትን ኮድ ለአጭበርባሪ በስልክ አንብቦ ሰጥቶ አካውንቱን ከተነጠቀ ወዲህ ደግሞ እንቅልፍ አጥቷል።

ቁልፉን የዚያኑ ዕለት ማታ ላፕቶፑ ላይ ሰክቶ መዘገበ። ከአካውንቱ ወጥቶ እንደገና ገባ፤ ሠራ። በማግስቱ በስልኩ ሊገባ ሲል ግን እምቢ አለው። ቁልፉን ከስልኩ ጀርባ አስጠጋ፤ ምንም የለም። ገለበጠው፤ ምንም። ደወለልኝ።

«ፎርጅድ ሳይሆን አይቀርም» አለኝ።

ፎርጅድ አልነበረም። ችግሩን ለማግኘት ግን አንድ ሰዓት ገደማ ፈጅቶብናል። የፈጀብንም «ስልኩ ቁልፉን አላወቀውም» የሚለው አነጋገር ሦስት የተለያዩ ነገሮችን ስለሚሸፍን ነው። አንደኛው፣ ስልኩ ቁልፉን ጭራሽ ያላየው ሊሆን ይችላል። ሁለተኛው፣ ስልኩ አይቶታል፤ ነገር ግን ብሮውዘሩ ምንም አልጠየቀውም። ሦስተኛው፣ ብሮውዘሩ ጠይቆታል፤ ቁልፉ ግን «እኔ ይህን አካውንት አላውቅም» ብሎ መልሷል። ከውጭ ለሚያይ ሰው ሦስቱም አንድ ናቸው፤ መግባት አልቻልክም። መፍትሔያቸው ግን ለየቅል ነው።

መጀመሪያ ቁልፉ ምን እንደሚሠራ በአጭሩ ልበል። ውስጡ ፓስወርድ የለም። ባትሪም የለውም። አንድ ድረ ገጽ ላይ ስታስመዘግቡት ለዚያ ድረ ገጽ ብቻ የሚሆን ጥንድ የምስጢር ቁጥር ይፈጥራል። አንዱን ግማሽ ለድረ ገጹ ይሰጣል፤ ሌላው ከእሱ አይወጣም። በሌላ ቀን ልትገቡ ስትሉ ድረ ገጹ የዘፈቀደ ቁጥር ይልክና «ፈርምልኝ» ይላል። ብሮውዘሩ ጥያቄውን ከድረ ገጹ አድራሻ ጋር አድርጎ ለቁልፉ ያቀብላል። ቁልፉ መብራቱን ብልጭ ድርግም እያደረገ እስክትነኩት ይጠብቃል፤ ከዚያ ይፈርማል። ያ ወርቃማ ክብ አብዛኞቹ ቁልፎች ላይ አሻራ አያነብም። «እዚህ ሰው አለ» የሚል ምልክት ብቻ ነው። ሳይሰካ፣ ስልክ ጀርባ ላይ በማስጠጋት ብቻ በሚሠራው በኤንኤፍሲ ከሆነ ማስጠጋቱ ራሱ እንደ መንካት ይቆጠራል።

እዚህ ውስጥ ሁለት ነገር ያዙልኝ። ቁልፉ ሳይጠየቅ አይፈርምም። ሲፈርምም ራሱ ላይ ለተመዘገበ አድራሻ ብቻ ነው። የልጁን ችግር የፈታው ይህ ነው።

ስልኩ አይቶታል ወይ?

ከዚህ ጀመርን። ስልኩ ኤንኤፍሲ አለው፤ ሴቲንግ ውስጥም በርቷል። ይህን መጠየቅ የዋህነት ሊመስል ይችላል፤ ግን በእኛ ገበያ በብዛት ከሚሸጡት ርካሽ ስልኮች ብዙዎቹ ኤንኤፍሲ የላቸውም። አይፓድም የለውም። በሌለበት ቁልፉን ቀኑን ሙሉ ብታሹት ምንም አይመጣም፤ መሰካት ብቻ ነው አማራጩ።

«ከቨሩን አውጣው» አልኩት። ከቨሩ ውስጥ ስልኩን መኪና ላይ የሚይዝ የብረት ሳህን ነበር። ኤንኤፍሲ የሚሠራው በጥቂት ሴንቲ ሜትር ርቀት በሚያልፍ ደካማ የሬዲዮ ሞገድ ነው፤ ቁልፉም ኃይል የሚያገኘው ከዚያው ሞገድ ነው። መሃል ላይ ብረት ከገባ አለቀ። ቀጥሎ ያለው ጥያቄ የት እናስጠጋ የሚለው ነው። አይፎን ላይ አንቴናው ከላይ፣ ጫፉ አካባቢ ነው። አንድሮይድ ላይ እንደ ስልኩ ይለያያል፤ ብዙ ጊዜ ከካሜራው በታች ወይም ጀርባው መሃል ላይ ይገኛል። ደግሞ ሰው እንደ ክብሪት ጫር አድርጎ ያነሳዋል። እንዲያ አይደለም። አስጠግቶ ሁለት ሦስት ሰከንድ ሳያንቀሳቅሱ መያዝ ነው።

ከቨሩን አውጥቶ ቀስ እያለ ከላይ ወደ ታች ሲያንሸራትት ስልኩ ነዘረና ድረ ገጽ ከፈተ። የቁልፉ አምራች ገጽ ነው። ልጁ ተናደደ፤ እኔ ግን ደስ አለኝ። አንዳንድ ቁልፎች ማንም ምንም ሳይጠይቃቸው ስልክ ሲነካቸው የአምራቹን አድራሻ ያቀብላሉ። ስለዚህ ያ ገጽ መከፈቱ ሁለት ነገር ነገረኝ። ኤንኤፍሲው ይሠራል። በዚያች ቅጽበት ግን ብሮውዘሩ ቁልፉን እየጠየቀ አልነበረም።

ለአዲስ ቁልፍ ገዢዎች አንድ ነገር ልጨምር፤ ብዙ ሰው «የሞተ ዕቃ ሸጡልኝ» የሚለው እዚህ ላይ ነው። ከ2024 ወዲህ የወጡት፣ ፈርምዌራቸው፣ ማለትም ውስጣቸው ያለው ፕሮግራም፣ 5.7 እና ከዚያ በላይ የሆነ ዩቢኪ የሚባሉት ቁልፎች ከፋብሪካ ሲወጡ ኤንኤፍሲያቸው ተገድቦ ነው። በመንገድ ላይ ማሸጊያውን ሳይከፍት ማንም እንዳይነካካቸው ነው ነገሩ። መጀመሪያ ኃይል ያለው ዩኤስቢ ላይ ቢያንስ ለሦስት ሰከንድ መሰካት አለባቸው፤ ከዚያ በኋላ ኤንኤፍሲው ይከፈታል። ከካርቶኑ አውጥቶ በቀጥታ ስልክ ላይ የሚለጥፍ ሰው ቁልፉ አይሠራለትም። የልጁ ቁልፍ አስቀድሞ ላፕቶፕ ላይ ስለተሰካ ይህ እሱን አይመለከተውም ነበር።

በዩኤስቢ ለምትሰኩ ደግሞ፣ ቁልፉ የድሮው ሰፊ ዩኤስቢ ከሆነ በመሃል ኦቲጂ የሚባለው ማገናኛ ያስፈልጋል። ኦፖ እና ዋንፕላስን በመሳሰሉ ስልኮች ኦቲጂ ራሱ ሴቲንግ ውስጥ የሚበራ ነገር ነው፤ ካልተጠቀማችሁበት ከአሥር ደቂቃ በኋላ ራሱን ያጠፋል። ትናንት የሠራው ዛሬ እምቢ ካለ መጀመሪያ እዚያ ተመልከቱ።

ጠይቆታል ወይ?

«የት ሆነህ ነው የምትገባው?» አልኩት።

«ሊንኩን ቴሌግራም ላይ ለራሴ ልኬው ነበር። እሱን ነክቼ።»

ይኸው። ቴሌግራም ወይም ፌስቡክ ውስጥ ሊንክ ስትነኩ የሚከፈተው ገጽ ብዙ ጊዜ ክሮም አይደለም። አፑ ውስጥ የተሸጎጠ ትንሽ መስኮት ነው። መልኩ ብሮውዘር ይመስላል። ቁልፉን የሚያናግርበት መንገድ ግን ብዙ ጊዜ የለውም። ስለዚህ ወይ ቁልፍ የሚለውን አማራጭ ጭራሽ አያሳይም፣ ወይ አሳይቶ ዝም ይላል። መፍትሔው ቀላል ነው፤ ከላይ ያሉትን ሦስት ነጥቦች ነክቶ በዋናው ብሮውዘር መክፈት።

አንድሮይድ ላይ ሌላም ነገር አለ። ክሮም ቁልፉን የሚያናግረው ራሱ አይደለም፤ ሥራውን ጉግል ፕሌይ ሰርቪስስ ለሚባለው፣ ከጀርባ ለሚሠራ የጉግል ፕሮግራም ይሰጠዋል። ስለዚህ ጉግል የሌለባቸው ስልኮች፣ ለምሳሌ አዳዲሶቹ ሁዋዌዎች፣ ቁልፉን ቢያዩትም ጥያቄውን የሚያደርስ መሃከለኛ የላቸውም። ፕሌይ ሰርቪስስ ለረጅም ጊዜ ሳይታደስ ከቆየም ተመሳሳይ ነው። አይፎን ላይ ሳፋሪ ከ2019 መጨረሻ፣ ከአይኦኤስ 13.3 ጀምሮ ቁልፍ ይቀበላል። ከዚያ በታች የሆነ ስልክ ይዞ መታገል ዋጋ የለውም።

ልጁ በክሮም ከፈተ። ፓስወርዱን አስገባ። አሁን ስልኩ ከታች አንድ ወረቀት የመሰለ ነገር አወጣና «ፓስኪ በዚህ ስልክ ላይ የለም» ዓይነት ነገር ነገረው። ብዙ ሰው እዚህ ተስፋ ይቆርጣል። ስልኩ በቅድሚያ የሚፈልገው ራሱ ውስጥ የተቀመጠ ፓስኪ፣ ማለትም በፓስወርድ ፈንታ የሚያገለግል ያንኑ ዓይነት የምስጢር ጥንድ ነው፤ ቁልፉን የሚያስበው በመጨረሻ ነው። «ሌላ መሣሪያ ተጠቀም» የሚለውን መርጦ፣ ከዚያ ቁልፉን የሚያሳየውን ሥዕል መርጦ መግባት ያስፈልጋል። መረጠ። ቁልፉን አስጠጋ። ስልኩ ነዘረ። አሁን ድረ ገጽ አልከፈተም። «ይህ ቁልፍ እዚህ አልተመዘገበም» አለ።

«ይኸው! ፎርጅድ ነው አላልኩህም?»

የተመዘገበው ማነው?

ሦስተኛው በር ላይ ደርሰናል ማለት ነው። ስልኩ አይቷል፣ ብሮውዘሩ ጠይቋል፣ ቁልፉ «አላውቅም» ብሏል። ቁልፍ ደግሞ አይዋሽም። ታዲያ ትናንት ማታ ላፕቶፑ ላይ ምን ነበር የተመዘገበው?

«ስትመዘግበው መብራቱ ብልጭ ብልጭ ብሏል? ነክተኸዋል?»

«ኧረ አልነካሁትም። ፒን ብቻ ነው የጠየቀኝ።»

«የምን ፒን?»

«የላፕቶፑን ነዋ። ሁሌ የምከፍትበትን።»

በቃ፣ ተገኘ። ልጁ የመዘገበው ቁልፉን ሳይሆን ላፕቶፑን ነው።

ይህ እንዴት እንደሚሆን ዘርዘር አድርጌ ላሳያችሁ፤ በእኔ ግምት ላፕቶፕ ላይ ሠርቶ ስልክ ላይ እምቢ ከሚሉት ብዙዎቹ ምስጢራቸው ይኸው ነው። ድረ ገጹ «ቁልፍ መዝግብ» ሲል ለብሮውዘሩ ጥያቄ ይልካል። ዊንዶውስ ላይ ብሮውዘሩ ጥያቄውን ለዊንዶውስ ያሳልፈዋል። ዊንዶውስ ደግሞ ራሱም እንደ ቁልፍ ማገልገል ይችላል፤ Windows Hello የሚባለው ነው። ላፕቶፑ ውስጥ ባለ ቺፕ ላይ ያንኑ ዓይነት የምስጢር ጥንድ ፈጥሮ በፒናችሁ ይቆልፈዋል። ብዙ ጊዜ ቀድሞ የሚወጣው የእሱ መስኮት ነው። ቁልፉ ጎኑ ላይ ተሰክቷል፣ መስኮት ወጣ፣ ፒን ጠየቀ፣ ተጻፈ፣ «ተመዝግቧል» አለ። ማንም ሰው ቁልፌን መዘገብኩ ብሎ ያስባል። ቁልፉ ግን በዚያ ሁሉ ጊዜ ኃይል ከመውሰድ በቀር ምንም አላደረገም። ማክ ላይም በአሻራ፣ አይፎን ላይም በፊት፣ አንድሮይድ ላይም በስክሪን መቆለፊያ እንዲሁ ነው። ሁሉም ራሱን ያስቀድማል።

እኔ በሐቀኝነት ይህን አሠራር አልወደውም። አንድ ሰው ገንዘብ አውጥቶ የገዛውን ዕቃ ሰክቶ እያለ፣ ማሽኑ «እኔ አለሁልህ» ብሎ ከፊቱ መቆሙ አያስፈልግም ነበር።

መለየት ግን ቀላል ነው። ቁልፉን ንቀሉና ላፕቶፑ ላይ ለመግባት ሞክሩ። ያለ ቁልፉ ከገባ የተመዘገበው ላፕቶፑ ነው። ልጁ ነቅሎ ሞከረ፤ ላፕቶፑ ፒን ጠይቆ ጥሩ አድርጎ አስገባው። ከዚያ በኋላ ስለ ፎርጅድ አላነሳም።

ወደ አካውንቱ የደህንነት ገጽ ሄደን ዝርዝሩን አየን። አንድ መስመር ብቻ አለ፤ ስሙም Windows Hello ይላል። አጠገቡ የትናንት ቀን። አዲስ ቁልፍ ጨምር የሚለውን ነካ። የዊንዶውስ መስኮት እንደ ትናንቱ ወጣ። አሁን ግን ፒኑን ከመጻፍ በፊት ሌሎች አማራጮችን የሚያሳየውን ነካ። ዝርዝር መጣ፤ «This Windows device» የሚል አለ፣ ስልክ የሚል አለ፣ «Security key» የሚል አለ። የመጨረሻውን መረጠ። ወዲያው ቁልፉ ላይ ያለው መብራት ብልጭ ማለት ጀመረ። ትናንት ያልታየው ምልክት ይህ ነው።

ከዚያ እንደገና ፒን ጠየቀ። ልጁ የላፕቶፑን ፒን ሊጽፍ እጁን ሲሰነዝር «ቆይ!» አልኩት። እዚህ ላይ ልብ በሉ። ይህ ሌላ ፒን ነው፤ የቁልፉ የራሱ። አዲስ ቁልፍ ከሆነ እናንተ ታወጡለታላችሁ፤ ቢያንስ አራት አኃዝ። ቀድሞ የወጣለት ከሆነ ደግሞ ያንን ነው የሚፈልገው። ሦስት ጊዜ ከተሳሳታችሁ ነቅላችሁ መልሳችሁ እንድትሰኩ ያስገድዳል። በድምሩ ስምንት ጊዜ ከተሳሳታችሁ ይቆለፋል። የተቆለፈ ቁልፍ የሚከፈተው ውስጡ ያለውን ሁሉ ደምስሶ እንደ አዲስ በማስጀመር ብቻ ነው። ያን ጊዜ የተመዘገበባቸው ድረ ገጾች ሁሉ አያውቁትም። የላፕቶፑን ፒን ደጋግሞ እዚያ ላይ በመጻፍ ደህና ቁልፍ የቆለፈ ሰው አውቃለሁ።

አዲስ ፒን አወጣ፣ ወርቃማውን ክብ ነካ፣ መብራቱ ጠፋ። ዝርዝሩ ላይ ሁለተኛ መስመር መጣ። ስሙን «የእህቴ ቁልፍ» አለው።

ስልኩ ላይ ተመለሰ። በክሮም፣ ሌላ መሣሪያ፣ ቁልፍ፣ አስጠጋ። አሁንም ተደናቀፈ። ስልኩ ትንሽ አስቦ «አልተሳካም» አለ። ይህኛው ግን የተለየ ነው። አካውንቱ ቁልፉን ከነፒኑ ይፈልገዋል፤ ብዙ የአንድሮይድ ስልኮች ደግሞ በኤንኤፍሲ በኩል የቁልፉን ፒን መጠየቅ አይችሉም። «ሰካው» አልኩት። ቁልፉ ዩኤስቢ ሲ ስለሆነ ስልኩ ቻርጀር ቀዳዳ ላይ በቀጥታ ገባ። ፒን ጠየቀ፣ ጻፈ፣ ነካ፣ ገባ።

አንድ ያልደረሰበትን ነገር ግን መዝለል የለብኝም። «ይህ ቁልፍ አልተመዘገበም» የሚለው መልስ የሚመጣው ሳትመዘግቡ ስትቀሩ ብቻ አይደለም። በትክክል የመዘገባችሁት ቁልፍ፣ ሁሌ በሚሠራበት ብሮውዘር ላይ ድንገት «አላውቅም» ካለ፣ ቁልፉን ከመውቀሳችሁ በፊት ከላይ ያለውን አድራሻ ፊደል በፊደል አንብቡ። ቁልፉ የሚፈርመው ለተመዘገበበት አድራሻ ነው። አንድ ፊደል የተቀየረበት አስመሳይ ገጽ ላይ ከሆናችሁ፣ ዓይናችሁ ቢታለልም ብሮውዘሩ እውነተኛውን አድራሻ ለቁልፉ ይነግረዋል። ቁልፉም በዚያ ስም የሚያውቀው ነገር የለም። የኤስኤምኤስ ኮድ ግን አድራሻ አያይም፤ የጓደኛውም ኮድ እንደዚያው ሆኖ ነው ያለፈው። ስለዚህ እንዲህ ያለ ጊዜ «ሌላ ዘዴ ሞክር» የሚለውን ነክታችሁ ኮድ አታስገቡ። ገጹን ዝጉና አድራሻውን ራሳችሁ ጽፋችሁ ግቡ።

የቁልፉን ጤንነት ከአካውንታችሁ ለይታችሁ ማየት ከፈለጋችሁ webauthn.io የሚባል መሞከሪያ ገጽ አለ። የፈለጋችሁትን ስም ጽፋችሁ ትመዘግባላችሁ፣ ከዚያ ትገባላችሁ። ሲመዘገብ መብራቱ ብልጭ ማለቱን እዩ። እዚያ ሠርቶ አካውንታችሁ ላይ እምቢ ካለ ችግሩ ከምዝገባው ነው። እዚያም ካልሠራ ስልኩንና ብሮውዘሩን መርምሩ።

እህትየው ከመሄዷ በፊት ሁለተኛ ቁልፍ እንድትልክለት አስማልኳት። አንዱ ቢጠፋ ቤት የተቀመጠ ሌላ ሊኖር ይገባል፤ አፕልማ ከሁለት ቁልፍ በታች ጭራሽ አይመዘግብም።

ከሦስት ቀን በኋላ ልጁ እንደገና ደወለ።

«ይሄ ነገር ሃክ ተደርጎ ይሆን?» አለኝ። «ለደንበኛ ቴሌግራም ላይ ዋጋ እየጻፍኩ ሳለ በራሱ "ችችችችችች" ብሎ የማይነበብ ነገር ጽፎ ላከላት።»

ቁልፉን ላፕቶፑ ላይ እንደተሰካ ትቶት ነበር፤ በእጁ ጎን ነክቶታል። እንዲህ ዓይነት ቁልፎች ድረ ገጽ ሳይጠይቃቸው ሲነኩ ራሳቸውን እንደ ኪቦርድ ቆጥረው የአንድ ጊዜ ኮድ ይጽፋሉ። 44 ፊደል ነው፣ ብዙ ጊዜ በ cccccc ይጀምራል፣ መጨረሻ ላይ ደግሞ ኢንተር ይመታል። የእሱ ላፕቶፕ በዚያ ሰዓት አማርኛ ኪቦርድ ላይ ነበር።

«አሁን ሴትየዋ "ችችች ማለት ስንት ብር ነው?" ብላ ጠይቃኛለች» አለኝ።

«ንቀለው» አልኩት።